ያላገናኘናቸው ትራንስፎርመሮች

በደርግ ዘመን ደብረ ታቦር ውስጥ የመብራት ቴክኒሺያን ነበርኩ። የከተማው ወፍጮና ሆስፒታል በአንድ ትራንስፎርመር ይሠሩ ነበር። ወፍጮው ሲነሳ የሆስፒታሉ መብራት ይደክም ስለነበር ሁለተኛ ትራንስፎርመር ተላከልን። አለቃዬ ከነባሩ ጋር እንዳጣምረው አዘዙኝ። የከተማው ካድሬም ሥራውን ሊያይ መጥቶ ነበር።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ልለካ» አልኳቸው።

ሁለቱም ትራንስፎርመሮች ኃይል አግኝተዋል፤ ኑሎቻቸውም፣ ማለትም የዜሮ መስመሮቻቸው፣ ተገናኝተዋል። ሁለቱን በሚያጣምረው፣ ገና ባልተዘጋው ማገናኛ ግራና ቀኝ የቮልት መለኪያዬን አስነካሁ። ዜሮ መሆን ሲገባው በሦስቱም መስመር ከመቶ ቮልት በላይ አሳየ።

አለቃዬ ጎንበስ ብለው የአዲሱን ታርጋ አነበቡ። «የውስጥ ሽቦ ጥቅልሎቹ አያያዝ ከነባሩ ይለያል» አሉ። በዚህ ምክንያት የአንዱ ሞገድ ከሌላው በሠላሳ ዲግሪ ይዛነፋል፤ እኩል አይነሱም፣ እኩል አይወርዱም። ብናጣምራቸው ኖሮ ምንም ጭነት ሳይኖር በመካከላቸው ከባድ ጅረት ይዞርና ያቃጥላቸው ነበር።

«ሽቦውን አቀያይሩታ!» አለ ካድሬው።

«ጓድ፣ ይሄ ሽቦ በማቀያየር አይስተካከልም» አልኩት። «ቢስተካከል እንኳ ታርጋው እንደሚለው የአዲሱ ኢምፒዳንስ ያንሳል፤ ጅረቱን ብዙም አይገታውም። ስለዚህ ከድርሻው በላይ ይሸከማል፣ ነባሩ ግን ቀለል ብሎት ይቀመጣል።»

ካድሬው አለቃዬን አያቸው። እሳቸውም «ልክ ነው» አሉ።

ወፍጮውን ለአዲሱ ለብቻው ሰጠነው፤ ሆስፒታሉ በነባሩ ቀረ። የወፍጮው ሞተር ሲነሳ የሆስፒታሉ አምፖል አልደከመም። አለቃዬ ኮፍያቸውን አውልቀው በረጅሙ ተነፈሱ። እኔም እፎይ ብዬ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።