ፎቅ የሌለው ቤት ሊፍት

ሰውየው ቤት አሻሻጭ ነው። ደላላ ሲሉት ይከፋዋል፤ ስልክ ሲደወልለት ግን «አቤት፣ ደላላው ነኝ» ብሎ የሚመልሰው ራሱ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው «አስደናቂ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጣለት የገዛ እጁ ነው፤ የሚጽፈው የቤት ማስታወቂያ ሁሉ በዚያች ቃል ይጀምራላ! ቤቱ ጎጆ ይሁን ቪላ፣ ጣሪያው ያፍስስ አያፍስስ፣ አስደናቂ ነው። ቀጥሎ «ማራኪ» ይመጣል፣ ከዚያ «በከተማዋ እምብርት» ይከተላል። ከተማዋ በሱ አቆጣጠር ስንት እምብርት እንዳላት ፈጣሪ ይወቀው። መዝጊያው ምንጊዜም «ዕድሉ እንዳያመልጥዎ!» ነው።

ክፉ ሰው አይደለም። ሰነፍም አይባልም፤ ሲዞር የሚውል ሰው ነው። የሚሰንፈው ለመጻፍ ብቻ ነው። የቆየ ማስታወቂያ ይገለብጣል፣ ሰፈሩንና ዋጋውን ይቀይራል፣ ስልኩ ላይ ባለው ቻናል ይለጥፋል። ቤቱንም ከሳሎን አልፎ አያየውም። በር ላይ ቆሞ ሁለት ፎቶ ያነሳና «አለቀ» ይላል።

ጉዱ የፈላው በሲስተር ቤት ነው። ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው መንታ አርግዛ ቀኗ ደርሷል። ከልጃቸው በር ፊት ለፊት አንድ ትንሽ ቤት ተገኝቶላቸዋል፤ ባለቤቱ ግን «እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የምጠብቅዎት» ብሏል። የራሳቸው ቤት እስከዚያ ካልተሸጠ ሲስተር የልጅ ልጆቻቸውን በስልክ እያዩ ሊያሳድጉ ነው። ቤቱ ደግሞ አልሸጥ ብሎ አስቸገረ። ተመልካች ሞልቷል። ይመጣል፣ ዞር ዞር ይላል፣ ፊቱ ይጠቁራል፣ «እንደዋወላለን» ብሎ ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ሲስተር ቢሮው ድረስ መጡ። አስደናቂ ከወንበሩ ብድግ አለላቸው።

«ልጄ፣ ትናንት የመጡት ሰውዬ ሊፍቱ የት ነው ብለው ጠየቁኝ» አሉት።

«የምን ሊፍት ሲስተር?»

«እሱን እኮ ነው እኔም የምጠይቅህ። ማስታወቂያህ ‹ዘመናዊ ሊፍት የተገጠመለት› ይላል። የኔ ቤት ፎቅ የለውም። ወደ ታች የሚወስድ ከሆነ ንገረኝና ልዘጋጅ።»

ስልክ የምታነሳው የቢሮ ባልደረባው ሳቋን ለማፈን ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ያልወደቀ ነገር መፈለግ ጀመረች። አስደናቂ ማስታወቂያውን ከፍቶ አነበበ። ከአንድ አፓርታማ የተገለበጠ ነው። ሊፍቱ ብቻውን አልመጣም፤ ሰፊ በረንዳና የከተማ እይታም አስከትሏል። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አንተ የጻፍከውን ቤት ብታገኝልኝ እኔም ሳልገዛው አልቀርም» አሉ ሲስተር። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሰዉ ሊያይ የሚመጣው ሌላ ቤት ነው። የኔን ሲያገኝ የተታለለ ይመስለዋል። ዕድሜዬን የኖርኩበትን ቤት ፊታቸውን አጥቁረውበት ሲወጡ ያመኛል። ና፣ ቤቴን እየው፤ ያየኸውን ጻፍ። አለዚያ ቁልፌን መልስልኝ።»

ከሰዓት በኋላ አስደናቂ ሜትር ይዞ ሄደ። «እጅግ ሰፊ» ያለውን ሳሎን ሲለካው አምስት ሜትር በአራት ሆነ። ሦስተኛው መኝታ ቤት አንድ አልጋ ችሎ ቁም ሣጥን አይችልም። የጓዳው ኮርኒስ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ቆርቆሮው ተቀይሮ ሁለት ክረምት ጠብ ሳይል አልፏል፤ ነጠብጣቡ ግን ቀለም አልተቀባም። «ፀጥታ የሰፈነበት» የሚለው ጋ ሲደርስ የጎረቤቱ ትምህርት ቤት ደወል ተደወለ። ልጆቹ ለእረፍት ወጥተው ሰፈሩን በጩኸት አናጉት።

«ይሄንንም ልጻፈው?» አለ ጮክ ብሎ።

«ብትተወው የማይሰሙት መስሎህ ነው?» አሉ ሲስተር፣ እሳቸውም ጮክ ብለው።

መታጠቢያ ቤቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። በሩ ከሌሎቹ ይሰፋል። ደፍ የለውም። ከመጸዳጃው ጎን ግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ ብረት ተተክሏል፤ የእጅ መታጠቢያው ሥሩ ባዶ ነው፤ የመብራቱ ማብሪያም ዝቅ ብሎ ወገቡ ጋ ነው። ከውጭ በር ጀምሮ አንድም ደረጃ እንዳልወጣ ያን ጊዜ ልብ አለ።

«ሲስተር፣ ይሄ በር ለምን እንዲህ ሰፋ?»

ሲስተር ፎጣውን አጥፈው መልሰው ሰቀሉት። «ለባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። እግሮቹ እንቢ ካሉት በኋላ በዊልቸር ነበር የሚሄደው። በሩን አስፈርሼ አሰፋሁለት፤ ደረጃውን ሁሉ አስነሳሁ።»

«እንዴት ሳይነግሩኝ?»

«መች ጠየቅኸኝ? ደግሞ የበሽተኛ ቤት ነው ብለው እንዳይሸሹ ፈራሁ።»

አስደናቂ ሜትሩን ዘረጋ። ተንበርክኮ በሩን ከፈተና የሚያሳልፈውን ስፋት ለካ።

ቢሮ ተመልሶ መጻፍ ጀመረ። ጣቱ በልማድ «ማራ» ካለ በኋላ ደንግጦ አጠፋው። ብዙ ደክሞ ይሄን ጻፈ፦

«ባለ ሦስት መኝታ፣ ፎቅ የሌለው ቤት። ሳሎን 5 በ4 ሜትር። ሦስተኛው መኝታ ቤት ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ ይይዛል። ወጥ ቤቱ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። ሁለት ሺህ ሊትር የውሃ ታንከር አለው። የጓዳው ኮርኒስ የቆየ የውሃ ነጠብጣብ አለበት፤ ቆርቆሮው ተቀይሯል። ጎረቤቱ ትምህርት ቤት ስለሆነ በእረፍት ሰዓት ይጮኻል፤ ማታና ቅዳሜና እሑድ ፀጥ ይላል። ትልቅ መኪና ግቢው ውስጥ አይዞርም። ከውጭ በር እስከ መታጠቢያ ቤት ደረጃም ደፍም የለም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት 90 ሳንቲ ሜትር ያሳልፋል፤ የእጅ መደገፊያ ብረት አለው።»

ባልደረባው አነበበችው። «አንተ፣ ይሄን የጻፈልህ ጠላትህ ነው?»

አስደናቂም እየፈራ ለጠፈው። ስልኩ ያለወትሮው ዝም አለ። ወሩ እያለቀ ነው። የድሮውን ማስታወቂያ ሊመልስ ስልኩን አነሳና ሊፍቱ ትዝ ሲለው አስቀመጠው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ደወለ። ዋጋ አልጠየቀም። «ዘጠና ሳንቲ ያሉት በሜትር ነው በግምት?»

«ተንበርክኬ የለካሁት ነው ጌታዬ።»

ሰውየው ሚስቱን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ መጣ። ሴትየዋ ውጭ በር ላይ «ተወኝ» አለችውና ጎማውን በራሷ እጅ እየገፋች ገባች። ሳሎኑን አለፈች፣ ኮሪደሩን አለፈች፣ መታጠቢያ ቤት ገባች። በሩን ከውስጥ ዘጋችው። መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።

ባሏ፣ ሲስተርና አስደናቂ ውጭ ቀሩ። ሴትየዋ ቆየች። አስደናቂ ደንግጦ «ምነው፣ የሆኑት ነገር አለ?» አለ።

ባልየው አንገቱን ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ምንም አልሆነችም። ካመማት ጀምሮ በር ዘግታ አታውቅም። አሁን ያለንበት ቤት ወንበሩ ስለማያልፍ እኔ ነኝ ይዤያት የምገባው።»

ሲስተር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አስደናቂ ወደ ሰውየው ዞረ። «ትምህርት ቤቱ ሲጮኽ ግን አይቻልም። ነጠብጣቡንም ላሳይዎት።»

«አንብበነዋል፤ ሁሉንም አንብበን ነው የመጣነው» አለ ሰውየው።

መቀርቀሪያው ተከፈተ። ሴትየዋ ፊቷን ታጥባ ወጣች፤ ከግንባሯ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ትስቃለች። ባሏን ሳይሆን ሲስተርን አየችና «እዚህ ቤት ማን ነበር?» አለቻቸው።

«ባለቤቴ» አሉ ሲስተር። «እሱም ሲዘጋው ደስ ይለው ነበር።»

አስደናቂ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመ። ማስታወቂያውን ሁሉ የሚጀምርባት ያቺ ቃል ምላሱ ላይ ደርሳ ይዟታል። ሲስተር አዩትና እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«በላት» አሉት። «ዛሬስ በላት።»