ወደ በሩ የማያይ መስታወት

የካቲት አሥራ ስድስት ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ነበር እንዴ? የቅበላው ዕለት ከሆነ እሑድ ነው፣ እሑድ ከሆነ ደግሞ አሥራ ስድስት ነው። ግን ጌቱ እሑድ መቀስ አያነሳም፤ እኔ ደግሞ ጌቱ ወንበር ላይ እንደነበርኩ እርግጠኛ ነኝ። እንግዲህ ቅዳሜ፣ አሥራ አምስት ይሁን። ቀኑን ብስትም ጸጉሬ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ ወደ ቤቴ መሄዴን አልስትም።

የጸጉር ሳሎኑ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ናቸው። አራት ወንበር አለው፤ ሁለቱ ለወንድ፣ ሁለቱ ለሴት፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ። ያለምወርቅ የምትሠራው በመንገዱ ዳር ባለው ትልቅ መስኮት ሥር ነበር። ከሮብ ገበያ ከተማ መጥታ ሰባት ዓመት እዚያ ቆማለች። ከምትሠራው ግማሹ የሷ ነው፣ ግማሹ የወይዘሮ አመተ ሥላሴ።

ያን ቀን ፈውዚያ የምትባለው የጨርቅ ነጋዴ በሩን ከፍታ ገባች። እኔን አየች፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ አየች፣ ሻርፗን ጠበቅ አደረገች።

“ሌላ ቀን እመጣለሁ፣ ያለም” ብላ ወጣች። እንዲህ ስትመለስ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር።

“እትዬ፣ መጋረጃ ቢኖረን እኮ አትመለስም ነበር” አለች ያለምወርቅ። “እንደሷ ያሉ ስንት አሉ መሰለዎት።”

“መስኮቱን ልትሸፍኚብኝ? አላፊ አግዳሚው ሥራ ሲሠራ ካላየ በምን ይገባል?” አሉ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ። “ይልቅ ስሚኝ። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ከሰኞ ጀምሮ ግማሽ በግማሹን እንተወው። ወንበሩን በወር ተከራዪኝ፤ ውኃውና መብራቱ የኔ፣ ንግድ ፈቃዱ የኔ፣ የሠራሽው በሙሉ ያንቺ።”

“ሙሽራ ሲጠፋ በሙሉ ያንቺ!” አለ ጌቱ ከጭንቅላቴ በላይ።

ሁላችንም ገብቶናል። በጥር ሠርግ ሲበዛ ግማሹን ሲወስዱ ቆይተው፣ ሠርግ በማይኖርበት በጾሙ ሁለት ወር ባዶውን ወንበር ሊያከራዩዋት ነው።

ያለምወርቅ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። “ከተከራየሁት መጋረጃ ልሰቅልበት እችላለሁ?”

“ያከራየሁሽ ወንበር ነው፤ ግድግዳ አይደለም።”

“እንግዲያው ግድግዳ እፈልጋለሁ።”

“አምጪያ! ከየት ልታመጪው?”

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም። “የአባቴ ክፍል ባዶ ነው” አልኩ።

“እርስዎ ደግሞ ጸጉርዎን ይቆረጡ!” አሉኝ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ። ጌቱም መቀሱን አጥፎ የእሳቸውን ዓይን ማየት ጀመረ። ሂሳቤን ከፍዬ እንደዚያው ሆኜ ወጣሁ።

ያለምወርቅ በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ክፍሉን ልታይ መጣች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። መንገድ ዳር ባለችው በዚያች ጠባብ ክፍል ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ሰፍቷል። ከሞተ ወዲህ ከፍቼ አየር ከማስገባት በቀር ምንም አላደረግኩባትም። እርምጃዋን እየቆጠረች ክፍሏን ዞረቻት። ውኃው የት እንደሚፈስ ጠየቀችኝ፤ በጓሮ በኩል ቦይ እንዳለ አሳየኋት። ግድግዳው ላይ አባቴ ሜትሩን የሚያንጠለጥልበት ሚስማር ነበር።

“ይህን ልንቀለው፣ ጋሼ?”

“ተይው” አልኳት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። በወር ኪራዩም ተስማማን።

ከሮብ ገበያ የመጣው ወንድሟ አበረ እቃ ሲያወርድላት፣ እኔ እየሰማሁ፣ “በሁዳዴ የሴት ጸጉር ቤት የሚከፍት ካንቺ በቀር አላየሁም። ፋሲካን ጠብቂ፣ እስከዚያ እዚያው ወንበርሽ ላይ ቁጭ በይ” ይላታል።

“ወንበሩ ላይ ቁጭ የምትለው ደንበኛዋ ናት። እኔማ ሰባት ዓመት ቆሜያለሁ” አለችው። “አሁንም እዚሁ እቆማለሁ። የብረት ሳህኑን ያዝልኝ።”

ፈቃድ ለማውጣት ሁለት ሳምንት ተመላለሰች። ሊያይ የመጣው ባለሙያ ቦዩን ክደኚው አላት፤ ከደነችው። በሩ ላይ ወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ ሰቀለች፣ ከላዩም “ለሴቶች ብቻ” የሚል ጽሑፍ። ከዚያን ቀን ወዲያ የአባቴን ክፍል ገብቼ አላየሁትም። ከጎን በረንዳዬ ላይ ወንበር አውጥቼ መጽሐፍ ሳነብ የሚሰማኝንና ከመጋረጃው ውጭ የሚታየኝን ብቻ ነው የማውቀው።

መጀመሪያ የሰማሁት ዝምታ ነው። ሦስት ቀን ሰው አልመጣም። በአራተኛው ቀን ጌቱ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ተጣራ።

“ያለም! እትዬ ወንበሩን እስከ ቅዳሜ ለሌላ አልሰጥም ብለዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሄደ።”

“ለሌላ ይስጡት! መስኮቱንም አብረው ይስጧት!”

“ጾምሽን ብቻሽን ልትጾሚ ነው?”

“አንተ ምላስህን ጹም!”

ጌቱ እየሳቀ ሄደ። እሷ ግን መጋረጃውን ይዛ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ወንበሩ ከተያዘ መመለሻ የላትም።

በማግስቱ ፈውዚያ መጣች። ረመዳን ነበር። መጋረጃውን ገልጣ ገባች፣ ወዲያውም ተመልሳ ስትወጣ አየኋት። መጽሐፌን ዘጋሁ።

“ምነው ፈውዚያ?” ያለምወርቅ ተከትላት ወጣች።

“መጋረጃሽ ጥሩ ነው፤ መስታወትሽ ግን ወደ በሩ ያያል። አንዲት ሴት መጋረጃውን ገልጣ በገባች ቁጥር መንገደኛው ሁሉ በመስታወቱ ያየኛል።”

ያለምወርቅ ዞር ብላ ወደ ውስጥ አየች። ሰባት ዓመት የሠራችው ብርሃን ከመንገድ በሚገባበት፣ መስታወቱ መንገዱን በሚያይበት ቤት ነው። ሌላ አሰቃቀል መኖሩን ማን ነግሯት! መጋረጃ አጥተሽ ከተጣላሽበት ሳሎን የመስታወቱን አሰቃቀል እንዳለ ይዘሽ መጣሽ ብላት ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ራሷ ቀደመችኝ።

“ወይ ጉድ! የእትዬን ቤት ተሸክሜ መጥቻለሁ እኮ!” ብላ ሳቀች። ፈውዚያም ሳቀች።

“ነገ ነይ” አለቻት ያለምወርቅ። “ነገ ግድግዳውን ተገልብጦ ታገኚዋለሽ።”

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መዶሻ ሲመታ ሰማሁ። መስታወቱ ወደ ጎን ግድግዳ ዞረ። የመንገዱ ብርሃን ስለቀረባት ሁለት አምፖል ጨመረች። ፈውዚያ በማግስቱ ገብታ ሁለት ሰዓት ቆየች። በሦስተኛው ቀን ከእህቷ ልጅ ጋር መጣች። ኢድ ሲቃረብ የጨርቅ ተራ ሴቶች ተከታትለው መጡ፤ ከይጁቤ በመኪና የመጡም ነበሩ። ውስጡ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔም ገጽ መግለጥ ትቼ ማዳመጥ ያዝኩ።

በኢድ ዋዜማ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ነጠላቸውን አስተካክለው ራሳቸው መጡ። መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

“ያቺ ወንበሩን የያዘችው ልጅ ጥላኝ ሄደች” ሲሉ ሰማሁ። “ወንበርሽ አለልሽ። መጋረጃውንም እሰቅልልሻለሁ።”

“ለመጋረጃው ዘገዩ፣ እትዬ።”

“ኪራይ በየወሩ ጉሮሮሽን ሲይዝሽ ትመጫለሽ!”

“ሲይዘኝ እዚሁ እስላለሁ። ጸጉር ሊሠሩ ከሆነ ግን ቁጭ ይበሉ፤ ከፊትዎ ስድስት ሰው አለ።”

ሴቶቹ ሳቁ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ የሚወጡ መስሎኝ መጽሐፌን አነሳሁ። አልወጡም። ከመጋረጃው ሥር ጫማቸውን አየሁት፤ ተራ ወደሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ሄዶ ቆመ።

አመሻሹ ላይ ያለምወርቅ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ፈውዚያ ቤት እናትየዋ መንቀሳቀስ ስለማይችሉ እዚያው ልትሠራቸው ነው። የጠራችው ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃታል። ብዙ የምጠይቃት ነበረኝ። ፈውዚያ ያን ቀን ወጥታ በዚያው ብትቀር ምን ታደርጊ ነበር ልላት አስቤ ነበር። ከሁሉ በፊት ግን መስታወቱን ስታዞሪ ያቺን የአባቴን ሚስማር ነቀልሻት፣ ወይስ የሆነ ነገር አንጠለጠልሽባት ብዬ ልጠይቃት ተነሳሁ።

“ጋሼ፣ በሩን ያዩልኝ፤ ውስጥ ገና ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ እመለሳለሁ!” አለችና ባጃጁ ላይ ወጣች።

አፌን ስከፍት መታጠፊያው ጋ ደርሳ ነበር።