መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤታችን

አማቴ ከቁሐር ሚካኤል መጥተው ወረታ ከእኛ ጋር መኖር ሲጀምሩ መታጠቢያ ቤታችንን አልወደዱትም። ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ደግሞ ጥቁር አረንጓዴ ነበር።

«ጎተራ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል» እያሉ ጓሮ ይታጠቡ ነበር።

ባለቤቴ ነጭ እንቀባው አለ። ጥግ ላይ ሞክረን አምፖሉን ስናበራ ግን ነጩ አመድ መሰለ። ከጎኑ የቀባነው ፈዛዛ ቢጫ ሞቅ ብሎ ታየን። ስለዚህ ግድግዳውን በእሱ፣ ኮርኒሱን በነጭ ቀባን። ብርሃን እንዲመልስና እንዲታጠብ ብለን የሚያብረቀርቀውን የዘይት ቀለም መረጥን።

ደርቆ ሽታው ሲጠፋ አማቴን ጠራኋቸው። በሩ ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ።

«መስኮት አወጣችሁለት እንዴ?»

«ቀለሙ ነው፣ እማዬ።»

ፎጣቸውን ይዘው ገቡ። ሲያንጎራጉሩ ባለቤቴና እኔ ከውጭ ሆነን እየሰማን ሳቅን።