ቁልፉን ያመጡት ሰው

መክሊት ሪፖርት መጻፍ ትችልበታለች። ይህን የሚክድ ሰው ቢቸና ውስጥ የለም፤ ካለም የእሷን ሪፖርት ያላነበበ ነው። ደሴ ተወልዳ አድጋ፣ የውሃ ሥራ ተቆጣጣሪ ሆና ወደ ጎጃም በተመደበች ጊዜ፣ አለቃዋ አቶ ሀብተ ሥላሴ የመጀመሪያ ጽሑፏን አንብበው «ይቺን ልጅ ከየት አመጡልን?» ብለው ነበር። ማስታወሻዋን ግን አይተውት አያውቁም። ቢያዩት ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው።

ምን ታድርግ ታዲያ! መስክ ላይ ነፋስ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ጭቃ አለ። አንድ እጇ ጃንጥላ ይይዛል፣ ሌላው እስክሪብቶ። ግማሽ ቃል፣ ሰረዝ፣ ቁጥር፣ እንደገና ሰረዝ። ቢሮ ስትመለስ ያንን ሁሉ እያፍታታች አለቃ የሚያነበው፣ ኮሚቴ የሚወስንበት፣ ነገ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ የሚገባው ጽሑፍ ታደርገዋለች። ይህን ሥራ ትወደዋለች። ከመስኩም ይልቅ ትወደዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ የነበረው ማስታወሻ ከሞጣ ወጣ ብላ ካለች አንዲት መንደር የመጣ ነበር። መንደሯ ከምንጭ የተጠለፈ ውሃ፣ ኮረብታ ላይ የተሠራ ማጠራቀሚያና ከሥር ቦኖዎች አሏት። ማጠራቀሚያውን የሚጠብቁት አቶ አምላኩ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። መክሊት ስማቸውን በወረቀት እንጂ በአካል አታውቃቸውም። ሰውየው ከሥራቸው ላይ አይገኙም የሚል ቅሬታ በመቅረቡ ነበር ቢሮው ሳይነግር ሳያሳውቅ መክሊትን የላከው። ጉዳዩን የሚወስነው ኮሚቴ ከሰዓት በኋላ ሞጣ ላይ ይሰበሰባል። አቶ ሀብተ ሥላሴ ጠዋት ሲገቡ በሩ ላይ ቆም ብለው የጠባቂውን ነገር ግልጽ አድርጊው፣ አልነበሩም የሚል ከሆነ ዛሬውኑ በሌላ ሰው ይተካሉ ብለዋታል። እንግዲህ የአንድ ሽማግሌ እንጀራ ጠዋቱን እሷ እጅ ላይ ወድቋል ማለት ነው።

ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦

– አጥር፣ ሰሜን፣ ወድቋል
– ጠባቂ የለም
– ምሥራቅ ግድግዳ እርጥብ
– ክሎሪን፣ መጨረሻ ቦኖ፣ 0.1
– ክዳን ተቆልፏል። ቁልፍ ከይርጋነሽ ቤት

መክሊት የራሷ ዘዴ አላት። እያንዳንዱን ሰረዝ እንደ ምስክር አቁማ ትጠይቀዋለች። የት? አየሁህ፣ ለካሁህ ወይስ ሰው ነገረኝ? ብትሆንስ ምን ይመጣል? ማን ያስተካክልህ፣ እስከ መቼ? መልስ ያላገኘውን ወይ ትደውልለታለች ወይ «አልተጣራም» ብላ ትጽፈዋለች። ከራሷ አትሞላለትም።

በአጥሩ ጀመረች። «ከማጠራቀሚያው በስተሰሜን ያለው አጥር በከፊል ወድቆ ታይቷል፤ ፎቶግራፉ ተያይዟል። በክፍተቱ ከብት ሊገባ ይችላል።» ጥሩ ነው። ጥገናውን ማን እንደሚሠራ እዚያው ልትጨምር ነበር፤ ተወችው። እሱ ምክረ ሐሳብ ነው፤ ቦታው ከታች ነው። ያየችውን ካሰበችው ጋር መደባለቅ አትወድም።

ግድግዳው ግን አስቸገራት። እርጥብ ነው ብላለች። «ግድግዳው ያፈስሳል» ብላ ልትጽፍ እጇ ቃጣ፤ ከዚያ የጉብኝቱ ቀን ዝናብ ትዝ አላት። በዚያ ዝናብ ምኑ ደረቅ ነበር? እሷ ራሷ እስከ አጥንቷ ርሳ አልነበረም እንዴ? ስለዚህ «በምሥራቁ ግድግዳ ላይ እርጥበት ታይቷል፤ በጉብኝቱ ሰዓት ዝናብ ይዘንብ ስለነበር ስንጥቅ ስለመኖሩ መደምደም አልተቻለም፤ ዝናቡ ሲያቆም እንደገና መታየት አለበት» አለች። ክሎሪኑን በራሷ መለኪያ የለካችው ስለሆነ አላንገራገረችም፤ በመጨረሻው ቦኖ በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም፣ ይህም ሊኖር ከሚገባው ዝቅተኛ መጠን፣ ከ0.2 በታች ነው ብላ አሰፈረች።

የጠባቂው መስመር ከሁሉ ቀለላት። ያየችው ነገር ነዋ። የጥበቃዋን ጎጆ ገፋ አድርጋ ገብታለች፤ ባዶ ነበረች። «የማጠራቀሚያው ጠባቂ በሥራ ገበታቸው ላይ አለመኖራቸው ተረጋግጧል።» አቤት እንዴት ያምራል! ይህ «ተረጋግጧል» የሚሉት ቃል ቢሮ ውስጥ የማይወደው የለም። አንዴ ከተጻፈ ማን አረጋገጠ፣ እንዴት አረጋገጠ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። መክሊትም አልጠየቀችም። ወደ ታች ወርዳ ምክረ ሐሳቡ ላይ «ጠባቂው በሌላ ሰው እንዲተኩ» አለችና ወደ ክዳኑ አለፈች።

ክዳኑ ላይ ጣጣ መጣ። «የማጠራቀሚያው ክዳን ተቆልፎ ተገኝቷል። ቁልፉ በመንደሩ የውሃ ኮሚቴ አባል በወይዘሮ ይርጋነሽ ቤት የሚቀመጥ ሲሆን...» ሲሆን ምን? በዚያች መንደር ጠባቂው ይጠብቃል እንጂ ቁልፍ አይዝም፤ ቁልፍ የያዘችውም ብቻዋን አትከፍትም። ውሃውን አንድ ሰው ለብቻው እንዳይነካው ብለው ራሳቸው ያወጡት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ መሠራቱን ለማሳየት በጉብኝቱ ቀን ቁልፉን ማን ጠይቆ ማን እንዳመጣ መጻፍ አለበት። ማስታወሻው ላይ ቁልፉ ዝም ብሎ በእግሩ የመጣ ይመስላል። ቁልፍ በእግሩ አይመጣም።

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነገሩን ታስታውስ ጀመር። ስትደርስ ዝናቡ ይወርደዋል። የማጠራቀሚያው ግቢ በር ላይ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ቄስ ናቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዝናብ ይዟቸው የተጠለሉ ናቸው ብላ ገመተች። ጠባቂ ብሎ ነገር በእሷ ሐሳብ ካፖርት ለብሶ ዱላ የያዘ ሰው ነው። እጅ ነሥታ፣ አባቴ፣ የዚህ ክዳን ቁልፍ የት ይገኛል አለቻቸው። ማዶ ይርጋነሽ ቤት መሆኑን ነግረዋት፣ ላምጣልሽ ብለው በዚያ ዝናብ ቁልቁል ወረዱ። እሷም ጎጆዋን አይታ «ጠባቂ የለም» ብላ ጻፈችና ክሎሪን ልትለካ ወደ ቦኖው ሄደች። ስትመለስ ቁልፉን ከሽማግሌው ተቀብሎ የሰጣት ሾፌሩ ስጦታው ነው። ከፍታ አየች፣ ቆለፈች፣ ወንዙ ሞልቶ መንገድ ሳይዘጋብን ቶሎ መልስላቸውና እንሂድ አለችው። ሽማግሌውን ዳግመኛ አላየቻቸውም።

ወደ ግቢው ወጣች። ስጦታው መኪና ያጥባል። ቁልፉን የመለስክላቸው የት ነው አለችው።

«ጎጆዋ ውስጥ ነበሩ» አላት ስጦታው፣ ባልዲውን ሳያስቀምጥ። «ነጠላቸውን እየጨመቁ።»

መክሊት ክው አለች። እዚያው ቆማ ለወይዘሮ ይርጋነሽ ደወለች። ሴትየዋ በጥያቄው ተገረሙ። ቁልፉን የወሰዱት አምላኩ ናቸዋ፣ ሌላማ ቢመጣ መች እሰጠዋለሁ አሉ። የጉብኝቱ ዕለት የደብራቸው ወርኃዊ በዓል ነበር፤ ሰውየው ማኅሌት ቆመው አድረው፣ ቤት እንኳ ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ሥራቸው መጥተው ነበር። ከቢሮ የመጣች ልጅ ቁልፍ ትፈልጋለች ብለው ሲደርሱ ውሃ ከላያቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ወይ መክሊት! ሰውየውን ከሥራቸው ላይ አንስታ የላከቻቸው እሷ፤ የሉም ብላ የጻፈችባቸው እሷ፤ በሌላ ይተኩ ያለችውም እሷ።  ክዳኑን ብትዘልለው ኖሮ፣ ወይም «ቁልፉ ቀርቦ ተከፍቷል» ብላ ብታልፈው ኖሮ፣ ያ ወረቀት ዛሬውኑ ሞጣ ይደርስ ነበር።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ሪፖርቱን ሊወስዱ ሲመጡ ሁሉንም ነገረቻቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ሊያድኗት ፈለጉ። «ጠባቂው በሥራ ላይ ነበሩ» ብለሽ አንድ መስመር ጻፊና ይለቅልሽ፣ የራስሽን ስህተት ኮሚቴ ፊት ምን አሰጣሽ አሏት። ስምሽ ነው የሚነሣው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በዚህ ዓመት ለእድገት ካጩዋቸው አንዷ እሷ ነች።

መክሊት አሰበችበት። ያን አንድ መስመር ብትጽፈው ውሸት አይሆንም። ግን በዚያ ሰዓት ውሃ ለመቅዳት መጥቶ ጎጆዋን ባዶ ያየ ሰው ካለ ቅሬታው ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌውን ማን ሊያስጥላቸው ነው?

«ጎጆዋን ባዶ አይቻታለሁ ጋሼ» አለቻቸው። «ባዶ ያደረግኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለቱም ይጻፋል።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጨርሺው፣ እጠብቃለሁ አሉ።

ጨረሰችው። «ተቆጣጣሪዋ ስትደርስ የማጠራቀሚያው ጠባቂ አቶ አምላኩ በሩ ላይ ነበሩ። ተቆጣጣሪዋ ጠባቂው መሆናቸውን ባለማወቅ የክዳኑን ቁልፍ እንዲያመጡ ልካቸዋለች፤ ጎጆው ባዶ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ቁልፉን ከወይዘሮ ይርጋነሽ ተረክበው ማምጣታቸውን ወይዘሮ ይርጋነሽ በስልክ ገልጸዋል። በሌሎች ቀናት ከሥራ ይቀራሉ ስለተባለው ቅሬታ ይህ ጉብኝት የሚለው ነገር የለም።» ይህን የመጨረሻውን ልትተወው ፈልጋ ነበር፤ ሰውየው አሳዝነዋታል። ግን የማታውቀውን አላውቅም ማለት ለእሳቸው ሲባል የሚቀር አይደለም። ጠባቂው ይተኩ የሚለውን ምክረ ሐሳብ ሰረዘችው። አቶ ሀብተ ሥላሴ አንብበው፣ አንዲት ቃል ሳይነኩ ፈረሙና ወደ ሞጣ ላኩት።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ጠባቂውን እንዳቆያቸውና አጥሩ እንዲታጠር እንደወሰነ ተሰማ። መክሊት ያን ጊዜ ነው ከወይዘሮ ይርጋነሽ ቁጥራቸውን ተቀብላ ለአቶ አምላኩ የደወለችው። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ድምፃቸው በደስታ ፈካ። ወንዙ ሳይሞላ ተሻገራችሁ ወይ፣ ብርዱ አልያዘሽም ወይ እያሉ እሳቸው ይጠይቋት ጀመር። አቋርጣ ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ጠባቂው እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም ነበር። ዝናብ የተጠለሉ ቄስ መስለውኝ ነው የላክሁዎ።»



«አዬ ልጄ» አሏት። «እኔ ደግሞ የሄድኩት ጠባቂ ስለሆንኩ ነው።»

 ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከሐፍረቷ የተነሣ ፊቷ እንደጋለ ቆየ።