ሳነቴ ላይ የተማርኩት የፊት ቅባት

አስተናጋጅ ሆኜ አየር መንገድ በተቀጠርኩ በስምንተኛው ወር ፊቴ መላጥ ጀመረ። በደርግ ዘመን ከጎባ ወጥታ ሆስተስ የሆነች ሴት እንደ ልብ አትገኝምና ኩራቴ ለብቻው ወንበር ይፈልግ ነበር። በአገር ውስጥ በረራ ምንም አልሆንኩም። ወደ ለንደን በሚሄደው ረጅም በረራ ስመደብ ግን ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ የአፍንጫዬ ዳርና ዳር ተቀረፈ፣ ፓውደሩም በተላጠው ቆዳ ላይ ዱቄት መስሎ ይቆም ጀመር።

ፊታችንንና እጃችንን የምትፈትሽ አለቃ ነበረችን። ስትመጣ ወሬያችን ሁሉ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ጓደኞቼ እየሰሙ አገጬን በጣቷ ቀና አደረገችና፣ “ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ምንድን ነው የምትለቀልቂው?” አለችኝ። ቀጥላም፣ “ፈቃድሽን ጨርሰሽ ለንደን ደርሰሽ ስትመለሺ አይሻለሁ። እንዲህ ሆነሽ ከመጣሽ ትኬት ቢሮ ትቀመጫለሽ፤ መብረር የለም” አለች። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። መብረር ለእኔ እንጀራ ብቻ አልነበረም።

ለአሥር ቀን ፈቃድ ጎባ ስገባ የፊቴ መድኃኒት ብዬ ከየአገሩ የገዛሁት አሥራ አንድ ጠርሙስና ብልቃጥ አንድ ቦርሳ ሞልቶ ነበር። የእናቴ ወንድም ሊጠይቀኝ መጣ። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጎባ ጨው ጭኖ ብርዳሙን የሳነቴ አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርድ፣ ሲመለስ የሃረናን ቡና የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ድሮ በበቅሎ፣ መንገዱ ከወጣ ወዲህ በጭነት መኪና። “አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ?” እንዴት ነሽ ልጄ ብሎ ፊቴን አየና ሰላምታውን ሳይጨርስ ቀረ።

“ምን አቃጠለሽ?”

“አውሮፕላን ነው፣ አባባ። አየሩ ያደርቃል።”

ቦርሳዬን አስከፈተኝና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አሸተተ። አንደኛውን ከአፍንጫው በድንጋጤ አራቀው። “አስተግፊሩላህ! ይሄ አረቄ ነው። ፊትሽን አረቄ ታጠጫለሽ?” የቆዳ ማጽጃ ነው፣ ከፓሪስ ነው ብዬ ተከራከርኩ። እሱ ግን አንድ ጠብታ እጁ ላይ አድርጎ፣ “እይ፣ እፍ ሳትይው በነነ። ሲሄድ ደግሞ የራስሽን ውሃ ይዞ ነው የሚሄደው” አለኝ። በሕይወቱ አልኮል ቀምሶ የማያውቅ ሰው በማሽተት ብቻ ያወቀውን እኔ መላጥ ከጀመርኩ ወዲህ ጧት ማታ ፊቴን ስጠርግበት ነበር።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። “አውሮፕላናችሁ ውስጥ ጨው ይረጥባል?”

ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ምግብ ስናድል የምንሰጣት ትንሽ የጨው ከረጢት ትዝ አለችኝ። ስትቀደድ እንደ አሸዋ ነው የምትፈስሰው፤ አንድም ቀን ተያይዛ አይቻት አላውቅም።

“አይረጥብም” አልኩ።

“እንግዲያው ሳነቴ ነዋ! ሃረና ጫካ ውስጥ ጨው ያለቅሳል፤ ጆንያው ይንጠባጠባል። በጋ ላይ ሳነቴ ስንወጣ ያው ጆንያ ድንጋይ ሆኖ ይደርቃል። ብርዱ አይደለም ሰው የሚጎዳው። አየሩ ይጠማል፤ ሲጠማው ያገኘውን ይጠጣል።”

አፌን በእጄ ያዝኩ። አውሮፕላን ቀርቦ አይቶ የማያውቅ ሰው የምሠራበትን አየር ከእኔ አስበልጦ ነገረኝ። በኋላ አንድ የበረራ መሐንዲስ ጠይቄ፣ ከውጭ የሚገባው አየር እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃ እንደማይዝ፣ ሲሞቅም ባዶውን እንደሚሞቅ አስረዳኝ። አጎቴ ከጨው ጆንያ የተማረው ያንኑ ነበር።

ቢሆንም እልኸኛ ነኝና፣ “የእኔ ክሬም ይበልጣል፣ እንወራረድ” አልኩት። “ውርርድ ሐራም ነው። መሞከር ግን ሐራም አይደለም” አለ። በማግስቱ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ በጭነት መኪናው አብሬው ወደ ሳነቴ ወጣሁ። ግራ ጉንጬን በራሴ ማጽጃ ጠርጌ ውዱን ክሬሜን ቀባሁ። ቀኙን እሱ በውሃ አራሰና ሳይደርቅ ቅቤ ስስ አድርጎ ደረበበት። “በደረቅ ፊት ላይ ቅቤ ብትቀቢ ድርቀቱን ነው የምትዘጊበት። መጀመሪያ ውሃውን አስገቢ፣ ከዚያ በሩን ዝጊ” አለኝ። ኬላ ላይ ወረቀቴን ያየው ወታደር ግማሽ ፊቴ ብቻ ሲያብለጨልጭ አይቶ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላበጠው።

ቀኑን ሙሉ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን የሳነቴ ነፋስ ገረፈን። ቁልቁል ወርደን ጫካው ዳር ያለችው ሪራ መንደር ስንደርስ በመኪናው መስታወት ፊቴን አየሁ። ግራው ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፣ ስስቅ ያመኛል። ቀኙ የሕፃን ጉንጭ ነው። እጄን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እያደረግሁ ቆምኩ። አንድ ፊት፣ አንድ ነፋስ፣ ሁለት ሰው! አጎቴ አልሳቀብኝም፤ “ማሻአላህ” ብቻ ብሎ ጆንያውን ማውረድ ጀመረ።

አንድ ችግር ቀረ፤ ቅቤ ቀብቶ የለንደን መንገደኛ ማስተናገድ አይቻልም። ጎባ ስመለስ ከጎጃም የመጣች ነርስ ጎረቤታችንን አማከርኩ። “ሽታ የሌለው ቫዝሊን ውሃውን በመያዝ ከቅቤ አያንስም” አለችኝ። ግሊሰሪን ብጨምርበት እንደሚረዳ፣ ግን ንጹሑን ብቀባ እንደሚያቃጥለኝ አስጠንቅቃ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አቅጥና በትንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ። አሥራ አንዱን ብልቃጥ እናቴ ቤት ትቼ በግሊሰሪኗ ጠርሙስና በአንዲት ቆርቆሮ ቫዝሊን ብቻ ተመለስኩ።

በለንደኑ በረራ የእረፍት ተራዬ ሲደርስ መታጠቢያ ክፍል ገብቼ ፓውደሩን አነሳሁ። ፊቴን አርሼ ቀጭኑን ግሊሰሪን ቀባሁ፣ ሳይደርቅ ቫዝሊኑን ስስ አድርጌ ደረብኩ፣ ከንፈሬንና እጄን ወፈር አድርጌ ቀባሁ፣ የተረፈውን ወዝ በሶፍት አነሳሁ። ስመለስም እንዲሁ። በመስኮቱ የበረሃው ጨለማ ይታያል፤ ይህ ሁሉ ብረት፣ ይህ ሁሉ ሰው ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ለፊቴ የሚያስፈልገኝ የቡና ስኒ የማይሞላ ነገር መሆኑ ገረመኝ።

አዲስ አበባ ስንገባ አለቃዬ ቢሮዋ ጠራችኝ። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ገባሁ። አገጬን ቀና አደረገች፣ ጣቷን ጉንጬ ላይ አሳለፈች፣ ደገመች።

“ከየት ገዛሽው?”

ጠርሙሷንና ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

“ሌላውስ?”

“ሌላ የለም። ውሃ ብቻ።”

ተነስታ በሩን ዘጋችና በጥጥ ጉንጯን ጠረገች። ፓውደሩ ሲነሳ ከሥሩ የወጣው ቆዳ የእኔ በክፉ ቀኑ ከነበረው የባሰ ነበር፤ ቀይ፣ የተሰነጠቀ፣ ዳር ዳሩ የቆሰለ። እኛን በየቀኑ ስትፈትሽ የኖረችው በዚህ ፊት ነው።

“አሥራ ሦስት ዓመት በረርኩበት” አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። “እስቲ እንዴት እንደሆነ አሳዪኝ።”

ጠረጴዛዋ ላይ ከነበረው ጆግ ውሃ ቀዳሁና እጄን አራስኩ። ጉንጯን ስነካት ዓይኗን ጨፈነች።