መዝገበ ቃላቱን ጎረቤት ያሳደረ ሰው

ዛሬ መነጽሬን ሰበርኩ። ተቀምጬበት ቢሆን የሽማግሌ ወግ ነው፣ ማንም አይስቅብኝም ነበር። እኔ ግን ጋዜጣ ላይ ያገኘኋትን አንዲት ቃል ልፈልግ መዝገበ ቃላት ከፈትኩና፣ በር ሲንኳኳ ገጹ እንዳይጠፋብኝ መነጽሬን መሃሉ አስገብቼ ድርግም አድርጌ ዘጋሁት። ከዚያ ግማሽ ቀን መነጽሬን ፈለግሁ። ባለቤቴን ጠረጠርኩ፣ የልጅ ልጆቼን መረመርኩ። በመጨረሻ ባለቤቴ ያን ወፍራም መጽሐፍ ብድግ ስታደርገው አንዱ መስታወት ዱብ አለ።

«ይሄ መጽሐፍ ዛሬም አልማረህም?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። መዝገበ ቃላትና እኔ የቆየ ጉዳይ አለን።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ኮሌጅ ገብቼ ዲፕሎማ መያዝ እፈልጋለሁ፤ በመንገዴ ላይ የቆመው የማትሪክ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ተፈትኜ ወድቄያለሁ። የወደቅሁትም ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ ሳልጨርስ ቀርቼ ነው። ምንባቡን ገና ወደ መሃል ሳልደርስ ፈታኙ «እስክሪብቶ አስቀምጡ!» አለ። እኔ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንዲት ቃል አንቄ ይዤ ነበር።

ለሁለተኛው ፈተና ስዘጋጅ ታዲያ ምን አደረግሁ? ይበልጥ ማነቅ ጀመርኩ። ከገበያ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልቦለድ ገዛሁ፤ የማላውቃትን ቃል ሁሉ ከእንግሊዝኛ-አማርኛው መዝገበ ቃላት እየፈለግሁ ትርጉሟን በእርሳስ ከላይዋ እጽፋለሁ። ችግሩ እኔ አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ ነው። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ አማርኛውን የጻፈው ለደብተራ ይመስል ነበር። እንግሊዝኛውን ልፈታ ሄጄ የማላውቀው አማርኛ ይዤ እመለሳለሁ። ያኔ ግቢው ውስጥ ወደተከራዩት ጎረቤቴ እሮጣለሁ፤ ከሰሜን ተዛውረው የመጡ የገንዘብ ቤት ጸሐፊ ናቸው።

«ጋሼ፣ ማቅማማት ምን ማለት ነው?»

«ግባ ሲሉህ ሳትገባ ሳትሄድ ደጃፍ ላይ የምትቆመዋ ናት። አሁን የምታደርጋት!»

አመስግኜ እመለሳለሁ። ስመለስ ዓረፍተ ነገሩ ከየት ተጀምሮ ወዴት ይሄድ እንደነበር ጠፍቶኛል። በአንድ ምሽት አንድ ገጽ ከጨረስኩ ጀግና ነኝ። ገጹም የእርሳስ ጥላሸት ተቀብቶ ከሰል ማዳበሪያ ይመስላል። እኔ ግን ኮራሁበት። ማታ ትምህርት ላይ እንግሊዝኛ የምታስተምረን የአንጋጫ ሴት ነበረች፤ ትየኝ ብዬ ይዤላት ሄድኩ።

ገጹን አየችው። ቃል እየነቀሰች ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም መለስኩ። ደረቴ ተነፋ።

«ጎበዝ። ታዲያ ሰውየው ምን ሆነ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«እዚህ ገጽ ላይ የሞተው።»

«ሞተ እንዴ ቲቸር?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ መምህር፣ ሰውየውን ረግጠህ አልፈህ ቃል ስትለቅም ነበር!» አለችኝ። ሳቁ ሲበርድ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እናትህ እንሰት አላት?»

«አላት።»

«ጓሮዋን እንዴት ነው የምትቆፍረው?»

«ስንዝር በስንዝር።»

«ሾኔ ገበያ ስትሄድስ መንገዱን እየቆፈረች ነው የምትሄደው?»

ክፍሉ ዳግመኛ ፈረሰ። እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም። ሁለት ዓይነት ንባብ አለ አለችን። አንዱ ቁፋሮ ነው፦ አጭር ምንባብ፣ አንድ ሁለት አንቀጽ፤ መጀመሪያ ቃሏን ከአካባቢዋ ገምት፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት ክፈትና ግምትህን አጣራ፣ አገባቧን እይ። ሌላው መንገድ ነው፦ ቀላል መጽሐፍ፣ ብዙ ገጽ፣ ሳይቆሙ። አንዲት ቃል አንድ ጊዜ ተፈልጋ አትያዝም፤ ደጋግመህ በየቦታው ስታገኛት ናት የምትለመደው። በቁፋሮ ብቻ ደግሞ ደጋግመህ ለማግኘት ዕድሜህ አይበቃም።

ከካርቶን ውስጥ አንዲት ስስ መጽሐፍ አውጥታ ሰጠችኝ። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈች፣ ሥዕል ያላት።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ የልጆች ነው!»

«በአንድ ገጽ ስንት ቃል አታውቅም?»

ቆጠርኩ። ሁለት ሦስት ብትሆን ነው።

«ልክህ ናት። ያ ወፍራሙ ገና ነው፣ ለኔ ተወው። ስታነብ የማታውቃት ቃል ጎን ነጥብ አድርግና እለፍ። ምዕራፉ ሲያልቅ ነጥቦችህን እይ፤ ተደጋግማ የመጣችውን፣ ወይም ያለ እሷ ታሪኩ ያልገባህን ብቻ ፈልግ። ሌላዋ ትቅር። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ አንተ ቤት አይደር።»

ጋሼ ቤት አሳደርኩት። ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ ሹመት እንደተሰጠው ሰው ሆኑ፤ ከገንዘብ ቤት ያመጡት ባሕርይ ነው መሰለኝ፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። በራቸው ላይ ስደርስ «ምዕራፍ ጨረስክ?» ይላሉ። ካልጨረስኩ መክፈቻው አይገኝም።

በመጀመሪያዋ መጽሐፍ አንድ ሽማግሌ አለ። ገና ሲነሳ አንዲት የማላውቃትን ነገር ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ነጥብ አደረግሁና ጋቢ ናት ብዬ አለፍኩ። ሁለት ገጽ ቆይቶ ያችው ነገር ተቀድዳ በክር ጠገናት። ይኸው፣ ጋቢ ናት! ለጉብዝናዬ ራሴው መሰከርኩ። ቀጥሎ ሽማግሌው ሐይቅ ዳር ቆመና ጋቢውን ወደ ውሃ ወረወረው። አበደ አልኩ፤ አዘንኩለት። ጋሼ በር ላይ ቆሜ ለመንኩ።

«ጋሼ፣ ሰውየው ጋቢውን ሐይቅ ጣለው። አንዲት ቃል ብቻ!»

«ምዕራፍ?»

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው ብርዱን ይቻለው።»

ተመልሼ ቀጠልኩ። ከአራት መስመር በኋላ ሽማግሌው ጋቢውን ሲስበው ዓሣ ሞልቶታል። መረብ ነበር! ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ጮኼ ሳቅሁ። ምዕራፉ አልቆ መዝገበ ቃላቱን ሲሰጡኝ፣ እሱም መረብ ብሎ መሰከረልኝ። ከዚያ ወዲያ ያች ቃል ከእኔ አልተለየችም።

ካርቶኑን ጨረስኩት፤ የኋለኞቹ መጻሕፍት ከፊተኞቹ ትንሽ ትንሽ እየከበዱ ሄዱ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ መዝገበ ቃላቱን ወስጄ ከድሮ ፈተና አንድ አንቀጽ እቆፍር ነበር፤ ፈተና «ይህች ቃል እዚህ ምን ማለት ናት?» ብሎ ሲያፋጥጥ ግምት ብቻ አያወጣምና።

የፈተናው ቀን ምንባቡ ውስጥ የማላውቃቸው ቃላት ተሰልፈው ቆመዋል። እጄ አንዷን ሊያንቅ ተነሳ። ነጥብ አደረግሁባትና አለፍኩ። መጨረሻው ስደርስ ግማሾቹን ምንባቡ ራሱ ነገረኝ፤ ስለ ቀሩት ደግሞ የመጣ ጥያቄ የለም። ፈታኙ «እስክሪብቶ አስቀምጡ» ሲል የኔ ቀድሞ ተቀምጦ ነበር። ውጤት ሲመጣ እንግሊዝኛ አለፍኩ። ነጥቡን አትጠይቁኝ፤ አለፍኩ ነው ያልኩት፣ በረርኩ አላልኩም።

ለጋሼ ልነግራቸው ሄድኩ። «የኔስ ድርሻ?» አሉ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ታሪክ ሳይሆን ቃል ብቻ ነው ያመጣህልኝ። አንዱን መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ታነብልኛለህ።»

ከካርቶኑ ወፈር ያለችውን መረጥኩና እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርኩ። በየመስመሩ «ቆይ፣ ቆይ!» ይሉኛል። «ሴትዮዋ ማን ናት? ለምን ሄደች?»

«ጋሼ፣ ነጥብ ያድርጉና ይለፉ።»

«አፍህን ያዝ!» እያሉ ግን ሰሙ። አንድ ምዕራፍ ሲቀረን እኔ ወደ ኮሌጅ ተነሳሁ፤ ለክረምት ስመለስ እጨርስልዎታለሁ አልኩ። ስመለስ ቤቱ ሌላ ተከራይ ገብቶበታል። ጋሼን ወደ አገራቸው አዛውረዋቸዋል።

ያች ሴትዮ በመጨረሻው ምዕራፍ ወደ ልጆቿ ተመልሳለች። እስከ ዛሬ ግን ለጋሼ አልነገርኳቸውም፤ አንድ ምዕራፍ አለብኝ።