በልጆች እግር ኳስ መሀል የጠፉት የእጅ ኳሶች

የምሠራበት መጋዘን ከቤድፎርድ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ነው። ሰዎች በኢንተርኔት የገዙትን የስፖርት ዕቃ ሳይፈልጉት ሲቀሩ መልሰው የሚልኩት እዚያ ነው። የእኔ ጠረጴዛ የኳስ ነው። ኳሶቹ ሲመጡ አብዛኞቹ ተንፍሰዋል፤ ሣጥናቸውም የለም። አንዱን እናነሣለን፣ ዓይነቱንና ቁጥሩን ከላዩ ላይ እናነባለን፣ አዲስ ሌብል ለጥፈን ስካን እናደርጋለን፣ ከዚያ ወደየመደቡ የሽቦ ጋሪ እንጥለዋለን። ሥራው ይኸው ነው።

ከጎኔ የሚቆሙት ጋሼ ስልሳዎቹን አገባደዋል። ሃያ ዓመት ያህል ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልሱ ኖረው፣ አንድ ቀን «ወገቤ እምቢ አለኝ» ብለው መኪና መንዳት አቆሙ። ሁለታችንም ሪቻርድሰን ስለምንኖር ጠዋት ከበራቸው አነሣቸዋለሁ፣ ማታ እዚያው አደርሳቸዋለሁ። የወገባቸውን ነገር እኔም አምኜ ነበር። ከባድ ካርቶን ሲያነሡ ግን ወገባቸው ምንም የሆነ አይመስልም ነበር።

እኔ ኳስ በዓይኔም በእጄም አውቃለሁ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ፣ በኋላም በአንድ ክለብ፣ ለብዙ ዓመት የእጅ ኳስ ተጫውቻለሁ፤ በግራ ክንፍ። ይህን ለመጋዘኑ ሰው ብናገር የሚረዳኝ አልነበረም። እዚህ አገር የእጅ ኳስ ስትል ብዙው ሰው ግድግዳ ላይ በመዳፍ የሚመታውን ትንሽ ኳስ ነው የሚያስበው።

አንድ ረቡዕ ጋሼ ኳስ አንሥተው አፍንጫቸው ድረስ ሲያስጠጉ አየኋቸው። ወደ መብራቱ አዞሩት፣ እንደገና አስጠጉት፣ ከዚያ ሌብል ለጠፉበት።

«ምነው ጋሼ፣ አልታይ አለዎት?»

«ጽሑፉን አሳንሰውታል ልጄ። የድሮዎቹ ይሻሉ ነበር» አሉ።

እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። በኋላ ብዙ የጸጸተኝ ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ፣ አለቃችን አንድ ትልቅ ካርቶን በጋሪ እየገፋች መጣች። ቁጡ ሴት አይደለችም፤ የዚያን ቀን ግን ፊቷ ቀልቷል። ከኋላዋ ስፖርት ቱታ የለበሰች ረጅም ሴት ትከተላታለች። የሴቶች የእጅ ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ናት። ከእኛ ሃያ ኳስ አዝዛ፣ ትናንት ማታ ልምምድ ላይ ካርቶኑን ከፍታ ነፍታቸዋለች። ተጫዋቾቿ ሲወረውሩ ኳሱ ከእጃቸው እየሾለከ አስቸገራቸው። በማግስቱ ጠዋት አርሊንግተን ውስጥ ውድድር አላቸው፤ ከሌላ ስቴት ሁለት ቡድን በአውቶቡስ መንገድ ላይ ነው።

አለቃችን አንዱን ኳስ አንሥታ አሳየችኝ። «ሌብሉ የእጅ ኳስ፣ ቁጥር ሁለት ይላል። ከዚህ ጠረጴዛ ነው የወጣው። ምንድን ነው ስህተቱ? ለእኔ ሁሉም አንድ ነው።»

ኳሱን ተቀበልኳት። ገና ስነካው አወቅሁት። የልጆች እግር ኳስ ነው፣ ቁጥር ሦስት። ቆዳው እንደ ፕላስቲክ የሚያንሸራትት፣ የሚያብለጨልጭ። ሜትሬን አውጥቼ ዙሪያውን ለካሁት፤ ሃምሳ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር። የሴቶች የእጅ ኳስ ከሃምሳ አራት እስከ ሃምሳ ስድስት ነው።

«ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ልዩነቱ» አልኳት፤ «የተነፈሰ ሲሆን ደግሞ በዓይን አይያዝም። አሰፋፉም ያሳስታል። አንዳንዱ የእጅ ኳስ ልክ እንደ እግር ኳስ ሠላሳ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አሥራ ሁለት ባለ አምስት ማዕዘን፣ ሃያ ባለ ስድስት ማዕዘን። ስፌቱን ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል።»

አሰልጣኟ እጇን ዘርግታ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው አገኘሁ!» በሚል ዓይን አየችኝ።

«ታዲያ የእኔዎቹ የት አሉ?» አለች።

የት እንዳሉ ገምቻለሁ። የልጆች እግር ኳስ የእጅ ኳስ ተብሎ ከሄደ፣ የእጅ ኳሶቹም የልጆች እግር ኳስ ተብለው ነው የሚገኙት። ከግድግዳው ጥግ የቁጥር ሦስት እግር ኳስ አራት የሽቦ ጋሪ ሞልቶ ቆሟል። ሁሉም የተነፈሱ፣ እንደ ተጨመቀ ብርቱካን የተጨማደዱ። በየሌብላቸው ብንፈልግ ዋጋ የለውም፤ ሌብሉ ነው የሳተው።

ያን ጊዜ ወደ ጋሼ ዞር አልኩ። አንድ የመረብ ኳስ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ያን ሌብል የለጠፈው እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ።

«እስከ ስንት ሰዓት አለን?» አልኩ አለቃችንን።

«ሺፍታችሁ እስኪያልቅ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቷችኋል።»

እሷና አሰልጣኟ ወደ ጋሪዎቹ ሄዱ። እኔ ቀስ ብዬ ወደ ጋሼ ተጠጋሁ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩን አይተውት ነበር?»

የመረብ ኳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አይታየኝም» አሉ። «ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ጭጋግ ነው። ቅርጫት ኳሱ በቀለሙ፣ በጭረቱ ይገባኛል። የመረብ ኳሱም ሦስት ሦስት ሆነው የተሰፉ ረጃጅም ቁራጮች አሉት፣ ቀላልም ነው፣ እሱን አልስትም። እነዚህን ግን ... ትንሽ የመሰለኝን የእጅ፣ ተለቅ ያለውን የእግር እያልኩ ነበር። በመነጽር ይስተካከላል ብዬ። ሰው እንዳያውቅ ብዬ።»

ባለቤታቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የጤና ኢንሹራንሳቸው የሚመጣው በጋሼ ሥራ ነው። ለምን እንደደበቁ ሳይነግሩኝ ገባኝ። መኪናውንም ያቆሙት በወገባቸው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

«እጅዎን ይስጡኝ» አልኩ።

ከጋሪው ጥቂት አገላብጬ አንድ እውነተኛ የእጅ ኳስ አገኘሁ። በቀኝ እጃቸው እሱን፣ በግራ እጃቸው የልጆቹን እግር ኳስ ሰጠኋቸው።

«አይዩት። ብቻ ይዳስሱት።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። በአውራ ጣቶቻቸው ኳሶቹን በቀስታ አሻሹ።

«ይሄ ይይዛል» አሉ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው። «ላዩ ሻካራ ነው፤ ልስላሴም አለው። ሲጫኑት ገባ ይላል። ይሄኛው ያንሸራትታል፣ ደረቅ ነው።»

«በቃ እሱ ነው! በአንድ እጅ ተይዞ የሚወረወር ስለሆነ እንዲይዝ ነው የሚሠሩት። በእግር የሚመታው ግን መያዝ አያስፈልገውም። ክብደቱስ?»

መዘኗቸው። «ትንሽ ይከብዳል የቀኙ። ትንሽ ብቻ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆሜ ማየት ነበረብኝ፤ ግን ጊዜ አልነበረም። ጋሼ ከጋሪው አጠገብ ቆመው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ እየዳሰሱ ያንሸራተተውን ወደ ባዶ ጋሪ፣ የያዛቸውን ወደ እኔ ይወረውራሉ። እኔ በመንፊያው እነፋለሁ፣ ዙሪያውን እለካለሁ፣ ከዚያ ለአሰልጣኟ አቀብላታለሁ። እሷ በአንድ እጇ ጨብጣ ከላይ ወደ ታች ትወዘውዘዋለች። አለቃችን እንኳ እጅጌዋን ሰብስባ ባዶ ጋሪ ታመጣ ጀመር። ጋሼ ከጣሉልኝ ውስጥ የተሳሳቱት ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ ጨርቅ መሳይ ሽፋን ያለው የልጆች ኳስ ነበር፣ እሱ እኔንም ያሳስተኝ ነበር። ሌላው የእጅ ኳስ ሆኖ ሲለካ ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ። የወንዶች ነው፤ ቁጥር ሦስቱ የእጅ ኳስ። በልኩ ከልጆቹ እግር ኳስ ጋር እኩል ነው፣ በክብደቱ ግን በጣም ይበልጠዋል።

አሥራ ዘጠኝ አገኘን። ሃያኛው ተገኝቶ ስነፋው ከስፌቱ ፉጨት ተሰማ፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ፣ ከመነዳሪው፣ ተበስቷል።

«አሥራ ዘጠኝ ይበቃኛል» አለች አሰልጣኟ። ካርቶኑን ወደ መኪናዋ ስናወጣ ጋሼን ትከሻቸውን አቅፋ ሄደች።

ከዚያ አለቃችን ወደ ጠረጴዛችን ተመለሰች። «አሁን ንገሩኝ። እንዴት ተሳሳተ?»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት እኔ ነኝ ልል ነበር። ጋሼ ግን ቀደሙኝ። በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ በዝግታ፣ «እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም። አልተናገርኩም» አሏት።

«ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ኑ። ሁለታችሁም» ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ወደ አርሊንግተን ሄጄ ውድድሩን አየሁ። ኳሱ ከአንዷ መዳፍ ወደ ሌላዋ ሲሄድ ሳይሾልክ እየያዘ ነበር። እኔ ግን ሐሳቤ ሰኞ ላይ ነበር። እሑድም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ደውለው «ምን ይሉን ይሆን?» አሉኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ» አልኳቸው፤ ውሸት መናገር አልቻልኩም።

ሰኞ አለቃችን ቢሮ ስንገባ ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት ተዘርግቷል። ጋሼ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሌብል አይለጥፉም» አለች። እኔ ተርጉሜ ሳልጨርስ የጋሼ ትከሻ ወረደ። እሷ ቀጠለች፦ «የሚነፉትና በእጅ የሚለዩት እሳቸው ናቸው። ከመለጠፉ በፊት ኳስ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። ጠረጴዛው ላይ ሚዛን ይቀመጣል። ይሄ ወረቀት ደግሞ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነው። ኢንሹራንሱ ይሸፍናል፤ አረጋግጫለሁ። ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?»

ተርጉሜ ስጨርስ ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱትና በሁለት እጃቸው እጇን ጨበጡ።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሣል አላቸው፤ የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ከዚያ በኋላ ተነሥቶላቸዋል፣ የግራው ተራ እየጠበቀ ነው። የዚያን ሰኞ ግን ይህን ገና አናውቅም ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ እንዳልን፣ ለባለቤታቸው ስልክ እንድደውልላቸው ጠየቁኝ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው።

«ስሚኝማ» አሉ፤ «አንድ የደበቅሁሽ ነገር አለ። ዓይኔ ...»

«አውቃለሁ» አሉ ባለቤታቸው። «የሻይ ስኒ ስታስቀምጥ ጠረጴዛውን በእጅህ ቀድመህ ትፈልገዋለህ። እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ ነበር።»

ጋሼ መቀመጫው ላይ ወደ ኋላ ደገፍ ብለው ሳቁ። ትንሽ ቆይቶ እንባም መጣባቸው፣ ሳቁን ግን አላቋረጡም። እኔ መስኮቱን ከፈትኩ። የምሳ ሰዓታችን ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር።